ፕሪንት ስክሪን ዝም ሲል

ላፕቶፕ ላይ ካሉ ቁልፎች ሁሉ እንደ PrtSc የሚታማ የለም። ፊደል ሲጫኑ ፊደል ይወጣል፤ የድምፅ ቁልፍ ሲጫኑ ድምፁ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ Caps Lock እንኳ በብዙ ኪቦርዶች ላይ ትንሽ መብራት ያበራል። ይህኛው ግን ተጭነውት ምንም የለም። ብልጭታ የለም፣ ድምፅ የለም፣ መልእክት የለም። ሰው መልስ ያልሰጠውን ነገር ደጋግሞ መነካካት ይወዳልና ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ ይቆይና «ይህ ነገር አይሠራም» ብሎ ስልኩን ያወጣል፤ ስክሪኑን በስልኩ ካሜራ ያነሳል። በየቴሌግራም ግሩፑ የሚለጠፉት ዘመም ያሉ፣ መስመር መስመር የሚታይባቸው፣ የአንሺው ጥላ ያረፈባቸው የኮምፒውተር ስክሪን ፎቶዎች አብዛኞቹ የዚህ ተስፋ መቁረጥ ውጤቶች ናቸው።

ቁልፉ ዝም የሚለው በሁለት ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው፣ ሥራውን ሠርቶ ጨርሶ ነገር ግን ሳይናገር ሲቀር ነው። ሁለተኛው፣ ትእዛዙ ከኪቦርዱ ጭራሽ ሳይወጣ ሲቀር ነው። ለተጠቃሚው ዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም። አንደኛው ላይ ያለ ሰው ስለ Fn ቁልፍ ቢነገረው የሚሠራውን ያበላሻል፤ ሁለተኛው ላይ ያለ ሰው ደግሞ «ፔስት አድርገው» ቢባል ፔስት የሚደረግ ነገር የለውም። ስለዚህ ማንም ምክር ከመስጠቱ በፊት ዝምታው የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

ሠርቶ ዝም ያለው

እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያቀርብ ይህ ቁልፍ ስሙ የሚለውን ሥራ ይሠራ ነበር። Shift ይዘው ሲጫኑት ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዳለ ወደ ፕሪንተር ይሄዳል፤ ፕሪንተሩም እየተንጫጫ ወረቀት ያወጣል። ውጤቱ በጆሮ ይሰማል፣ በእጅ ይያዛል። ዊንዶውስ መጥቶ ስክሪኑ በምስልና በመስኮት ሲሞላ የቁልፉ ሥራ ተለወጠ፤ ስሙ ግን እንደነበረ ቀረ። በዊንዶውስ ላይ ቁልፉ በነባር ልማዱ ወደ ፕሪንተር ምንም አይልክም። ስክሪኑ በዚያች ቅጽበት የሚያሳየውን በሙሉ ምስል አድርጎ ክሊፕቦርድ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ዞር ይላል። ፋይል አይፈጥርም። ዴስክቶፕ ላይ የሚታይ ነገር አያመጣም።

ክሊፕቦርድ ማለት ኮፒ ያደረግነው ነገር ፔስት እስክናደርገው ድረስ የሚቆይበት ጊዜያዊ ቦታ ነው። ዋናው ጠባዩ አንድ ነገር ብቻ መያዙ ነው፤ አዲስ ሲገባ የቀድሞው ይወጣል። ብዙ ሰው ስክሪንሾቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። PrtSc ይጫናል፣ ምስሉ ይያዛል። ከዚያ ኢሜይል ለመጻፍ ሲነሳ የተቀባዩን አድራሻ ከሌላ ቦታ ኮፒ ያደርጋል። በዚያች ሰከንድ ምስሉ ጠፋ። ኢሜይሉ ውስጥ ፔስት ሲል አድራሻው ብቻ ይወጣለታል፤ «አላልኩም? ቁልፉ አይሠራም» ይላል። ቁልፉ ግን ሠርቶ ነበር።

ሁለቱን ዝምታዎች ለመለየት ከአንድ ደቂቃ በላይ የማይወስድ ሙከራ አለ። ኖትፓድ ወይም ዎርድ ይክፈቱና አንድ ቃል ይጻፉ፤ «ሰላም» ይሁን። ቃሉን መርጠው በ Ctrl+C ኮፒ ያድርጉት። አሁን ክሊፕቦርዱ ላይ ያለው «ሰላም» መሆኑን በእርግጠኝነት ያውቃሉ። ቀጥለው PrtSc ን አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ። ከዚያ ዎርድ ላይ ባዶ ገጽ ከፍተው Ctrl+V ይበሉ። የስክሪኑ ምስል ከወጣ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የነበረው ውጤቱን የምንፈልግበት ቦታ ነው። «ሰላም» የሚለው ቃል ከወጣ ግን የ PrtSc ትእዛዝ ዊንዶውስ ዘንድ አልደረሰም፤ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ምስሉ ቃሉን ያስወጣው ነበር። የሙከራው ጥቅም ቃሉን ቀድሞ በማስቀመጡ ላይ ነው። ዝም ብሎ ፔስት ማድረግ ምንም ሳይወጣ ሲቀር ግራ ያጋባል፤ ቃሉ ሲወጣ ግን መልሱ ግልጽ ነው።

ስክሪኑ ጨልሞ ከላይ ትንሽ የመሣሪያ መስመር ብቅ ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ምስሉ ከወጣልዎ ጉዳይዎ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ፔስት የማድረግ ጣጣ የማይፈልግ ሰው የዊንዶውስ ቁልፍን ይዞ PrtSc ይጫን። ስክሪኑ ለቅጽበት ፈዘዝ ብሎ ይመለሳል፤ ምስሉም Pictures ውስጥ Screenshots በሚባል ፎልደር ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ያቺ መፍዘዝ ቁልፉ ከጥንት ጀምሮ የጎደለችው ምልክት ናት። አሥራ አምስት ሰው ተራ በተራ በሚቀመጥበት ኢንተርኔት ካፌ ወይም የጋራ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ክሊፕቦርድ ላይ የተቀመጠው ምስል እርስዎ ሲነሱ አብሮዎት አይነሳም። የባንክ ሒሳብዎን ወይም የፓስፖርት መረጃዎን ያነሱበት ገጽ ሌላ ነገር ኮፒ እስኪደረግ ድረስ እዚያው ይቆያል፤ ከእርስዎ በኋላ የሚቀመጠው ሰው Ctrl+V ቢል ይወጣለታል። ከመነሳትዎ በፊት አንዲት ቃል ኮፒ ማድረግ ምስሉን ያስወጣዋል። በኮምፒውተሩ ላይ የክሊፕቦርድ ታሪክ ተከፍቶ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም፤ የዊንዶውስ ቁልፍን ከ V ጋር ተጭነው ዝርዝሩን ማጽዳት ያስፈልጋል።

ከኪቦርዱ ያልወጣው

«ሰላም» የሚለው ቃል የወጣለት ሰው ዓይኑን ከስክሪኑ አንስቶ ወደ ኪቦርዱ ማድረግ አለበት። ለጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚሠራው የተለመደ ሙሉ ኪቦርድ 104 ቁልፎች አሉት። በትንሽ ላፕቶፕ ላይ ይህን ሁሉ ማስፈር አይቻልም፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ ብዙ ጊዜ የማይነኩ የሚመስሏቸውን ቁልፎች በሌሎች ላይ ደርበው ያትማሉ። PrtSc ከሚደረቡት የመጀመሪያው ነው። አንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ከ Insert ጋር፣ ሌላው ላይ ከ Delete ወይም ከ End ጋር፣ ሌላው ላይ ደግሞ ከላይኛው ረድፍ F ቁልፎች በአንዱ ላይ ያገኙታል። ብዙ የዴል ላፕቶፖች ለምሳሌ F10 ላይ ያስቀምጡታል። ስሙም ወጥ አይደለም፤ PrtSc፣ PrtScn፣ PrtScr ወይም prt sc ተብሎ ሊታተም ይችላል፤ አልፎ አልፎ በመቀስ ወይም በካሜራ ምስል ብቻ ይመለከታል።

አንድ ቁልፍ ሁለት ስም ካለው ማሽኑ የትኛውን እንደፈለጉ ማወቅ አለበት። ለዚህ የተቀመጠው ዳኛ ታች በስተግራ የሚገኘው Fn ነው። ብዙ ሰው Fn እንደ Ctrl ወይም እንደ Shift ያለ ቁልፍ ይመስለዋል፤ አይደለም። Ctrl ሲጫኑ ዊንዶውስ «Ctrl ተጭኗል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። Fn ሲጫኑ ግን በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ዊንዶውስ የሚያውቀው ነገር የለም። ማዘርቦርዱ ላይ ኪቦርዱን የሚያነብ ትንሽ ቺፕ አለ፤ ይህ ቺፕ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ከውጭ ማን እንደመጣ አይቶ፣ Fn ተይዞ እንደሆነ አመዛዝኖ፣ ወደ ውስጥ የሚልከው የመጨረሻውን ስም ብቻ ነው። F10 ብሎ ከላከ ለዊንዶውስ የመጣው F10 ነው፤ PrtSc ብሎ ከላከ PrtSc ነው። በሩ ላይ የተደረገውን ክርክር ውስጥ ያለው አይሰማም። በዚህም ምክንያት ዊንዶውስን ቢያዘምኑት፣ ቢያስተካክሉት፣ አልፎ ተርፎም ፎርማት ቢያደርጉት የ Fn ጠባይ ላይለወጥ ይችላል። የሚኖረው ከዊንዶውስ በታች ነውና።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር፦ ሁለተኛውን ስም ከፈለጉ Fn ይዘው ይጫኑ። የሚያወሳስበው የ Fn መቆለፊያ ነው።

የላይኛው ረድፍ ከ F1 እስከ F12 ሁለት ሕይወት አለው። በአንደኛው ሕይወቱ F2፣ F4፣ F10 ነው። በሁለተኛው ድምፅ ይቀንሳል፣ ብርሃን ይጨምራል፣ ማይክ ያጠፋል፣ በአንዳንድ ማሽን ደግሞ ስክሪንሾት ያነሳል። መቆለፊያው የሚወስነው ከእነዚህ የትኛው ያለ Fn እንደሚመጣ ነው። በአንደኛው ሁኔታ ቁልፉን ብቻውን ሲጫኑ ድምፅና ብርሃን ይመጣል፤ F2 ለማግኘት Fn መያዝ ግድ ነው። መቆለፊያው ሲገለበጥ ቁልፉ ብቻውን F2 ይሆናል፤ ድምፅና ብርሃን ለማግኘት Fn መያዝ ግድ ይሆናል። እንግዲህ Fn ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር አያመጣም ማለት ነው። የሚያመጣው በዚያ ሰዓት ገዢ ያልሆነውን ስም ነው። «Fn ይዘህ PrtSc ተጫን» የሚለው ምክር ለአንዱ ሰው ሠርቶ ለጎረቤቱ፣ በዚያው ዓይነት ላፕቶፕ ላይ፣ የማይሠራው በዚህ ነው። ጎረቤቱ ዘንድ መቆለፊያው በተቃራኒው ከሆነ Fn መያዙ ራሱ PrtSc ን ወደ F10 ይለውጥበታል።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር ልንገርዎ። እኔ ባለሁበት ቢሮ ያለች የሒሳብ ሠራተኛ የደመወዝ ማዘጋጃ ፕሮግራሟ የስሕተት መልእክት እያወጣ አስቸገራት። ጥገና የሚሰጠው ሰው በስልክ «መልእክቱን ስክሪንሾት አድርገሽ በቴሌግራም ላኪልኝ» አላት። ላፕቶፗ ላይ PrtScr የታተመው F10 ላይ ነው። ተጫነችው፤ ምንም። ጠራችኝ።

«ይህ ቁልፍ ሞቷል። ድሮ ይሠራ ነበር እኮ» አለችኝ።

«ስትጫኚው ምን ይመጣል?»

«ምንም አልኩህ!»

«እስቲ ኤክሴል ክፈቺና እዚያ ላይ ጫኚው።»

ኤክሴል ላይ ስትጫነው ከላይ ባለው ሜኑ ላይ ትንንሽ ፊደላት ብቅ አሉ፦ File ላይ F፣ Home ላይ H፣ Insert ላይ N። ይህ ምልክት ሁሉን ነገር ይናገራል። ኤክሴልና ዎርድ F10 ሲደርሳቸው የሚያደርጉት ይህን ነው፤ ሜኑውን ያለ ማውስ ለመክፈት የሚጫኑትን ፊደል ያሳያሉ። ቁልፉ አልሞተም፤ መልእክት እየላከ ነው፤ የሚልከው ግን F10 እያለ ነው። የደመወዙ ፕሮግራም የስሕተት መስኮት ለ F10 የሚሰጠው መልስ ስለሌለው ዝም አለ፤ እሷም ምንም አልመጣም ማለቷ ልክ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ቁልፉን የሚሞክረው ዎርድ ወይም ኤክሴል ላይ ሆኖ ቢሆን ይሻላል፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ምስጢሩን ይደብቁታል።

ታዲያ «ድሮ ይሠራ ነበር» ማለቷስ? እሱም እውነት ነበር። ቀደም ብሎ ኤክሴል ላይ ሴል ለማረም F2፣ ፎርሙላ ውስጥ የዶላር ምልክት ለማስገባት F4 ስትጫን በየጊዜው ድምፅ እየቀነሰና ብርሃን እየተቀየረ አስመርሯት አንድ ባልደረባ Fn እና Esc አብራ እንድትጫን አሳይቷት ነበር። F2 እና F4 ተስተካከሉላት። በዚያው ቅጽበት F10 ላይ የተደረበው PrtScr ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። ሁለቱን ነገሮች ያገናኘቻቸው አልነበረም፤ ማንም አያገናኛቸውም፤ ስክሪንሾት ያስፈለጋት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነውና።

ሁለት ምርጫ ነበራት። Fn+Esc ደግማ ተጭና መቆለፊያውን መመለስ፤ ያኔ PrtScr ብቻውን ይሠራል፣ F2 እና F4 ግን እንደገና Fn ይጠይቃሉ። ወይም መቆለፊያውን እንዳለ ትታ ስክሪንሾት ስትፈልግ Fn መያዝ። ኤክሴል ላይ ለሚውል ሰው ሁለተኛው ይበልጣል ባይ ነኝ። F2 በቀን ስንት ጊዜ ይጫናል፤ ስክሪንሾት የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው። እሷም ይህንኑ መረጠች።

ከዚያ አንድ ነገር ጨመርን። ሙሉ ስክሪኑን ብታነሳ ከስሕተት መልእክቱ በስተጀርባ የሠራተኞች ስምና ደመወዝ ተዘርግቷል። ለጥገናው ሰው ያ ሁሉ መሄድ የለበትም። Alt አብሮ ሲያዝ PrtSc ሙሉ ስክሪኑን ትቶ ከፊት ያለውን መስኮት ብቻ ያነሳል። ስለዚህ የስሕተቱን መስኮት አንድ ጊዜ በማውስ ነካችው፤ Alt እና Fn ይዛ PrtScr ተጫነች፤ ቴሌግራም ላይ Ctrl+V አለች። ትንሿ መስኮት ብቻዋን ሄደች። ሦስት ጣት የሚፈልግ ነገር መሆኑ ለመጀመሪያ ቀን ያስቸግራል እንጂ ይለመዳል።

መቆለፊያው የት አለ? የማይመለከተውስ ማንን ነው?

Fn+Esc በብዙ የሌኖቮ፣ የዴል እና የአሱስ ላፕቶፖች ላይ የመቆለፊያው መክፈቻና መዝጊያ ነው። Esc ቁልፍ ላይ ትንሽ የቁልፍ ጋን ምስል ወይም FnLock የሚል ጽሑፍ ካለ እዚያው ነው። አንዳንዱ ማሽን ሲቆለፍ ትንሽ መብራት ያበራል፤ አንዳንዱ ግን ምንም አያሳይም፤ ሰው ሳያውቀው የሚገለብጠውም በዚህ ምክንያት ነው። Esc ሊጫን ሲል ሌላው እጁ Fn ላይ አርፎ ከነበረ ተገለበጠ ማለት ነው።

በኪቦርድ የማይገለበጥባቸው ማሽኖች ላይ ምርጫው ባዮስ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ገና ሳይገባ፣ ብዙ ጊዜ ኤችፒ ላይ F10፣ ዴል ላይ F2፣ ሌኖቮ ላይ F1 ወይም F2 በመጫን ይገባል። የሚፈለገው መስመር በኤችፒ Action Keys Mode፣ በሌኖቮ አይዲያፓድ Hotkey Mode፣ በዴልና በኤሰር ደግሞ Function Key Behavior ወይም ተመሳሳይ ስም ይይዛል። ይህን መስመር ብቻ ቀይሮ፣ ሴቭ አድርጎ መውጣት ነው፤ እግረ መንገድ ሌላ መነካካት አያስፈልግም። ባዮሱ በጥገና ጊዜ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ከተመለሰ ይህ ምርጫም አብሮ ሊመለስ ስለሚችል፣ ላፕቶፓቸው ከጥገና ሲመጣ «PrtSc ተበላሸ» የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ይህን ቢያዩ ጥሩ ነው።

አሁን ብዙ ጽሑፍና ብዙ ቪዲዮ የሚዘሉት ነጥብ። መቆለፊያው የሚገዛው በአብዛኛው ያንን ከ F1 እስከ F12 ያለውን ረድፍ ብቻ ነው። የእርስዎ PrtSc የተደረበው Insert ወይም End ላይ ከሆነ Fn+Esc ቀኑን ሙሉ ቢጫኑ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ቁልፉ ምንጊዜም Fn ይፈልጋል፣ በቃ። ቲንክፓድን በመሰሉ፣ PrtSc ራሱን የቻለ ቁልፍ ሆኖ ታች ረድፍ ላይ በተቀመጠባቸው ላፕቶፖች ላይ ደግሞ Fn ም መቆለፊያውም ከጉዳዩ የሉበትም። ስለዚህ መቆለፊያውን ከመነካካት በፊት ቁልፉ ላይ የታተመውን ማንበብ ነው። ሁለት ጽሑፍ ካለ፣ በ Fn የሚመጣው ብዙውን ጊዜ Fn ራሱ በተጻፈበት ቀለም ወይም በትንሽ ሳጥን ውስጥ ታትሞ ይገኛል። በማይክሮሶፍት ሰርፌስ ታጣፊ ኪቦርዶች PrtSc ጨርሶ ያልታተመባቸው አሉ፤ እነሱ ላይ Fn እና ስፔስ አብረው ሲጫኑ ሥራውን ይሠራሉ። ማክ ላይማ ቁልፉም የለም፤ Command፣ Shift እና 3 ናቸው የሚተኩት።

ሌላ ሲቀማው

መጀመሪያ ያቆየሁት ነገር ይህ ነው። ቁልፉ ሠርቶ፣ ትእዛዙ ዊንዶውስ ደርሶ፣ መሀል ላይ ሌላ ፕሮግራም የሚቀበለው ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ዝማኔ ባገኙ የዊንዶውስ 11 ማሽኖች ላይ PrtSc ምስሉን ዝም ብሎ በማስቀመጥ ፈንታ የመቁረጫ መሣሪያውን እንዲከፍት ሆኗል። ስክሪኑ ይጨልማል፤ ከላይ ትንሽ መስመር ይመጣል፤ የሚፈለገውን ክፍል በማውስ እስኪከቡ ይጠብቃል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ኮምፒውተሩ የተያዘ ይመስለውና Esc ይላል። Esc ማለት «ተወው» ማለት ስለሆነ ምስሉ አይያዝም፤ በእኛ ሙከራም ፔስት ሲል «ሰላም» ይወጣለታል። ይህን የማይፈልግ ሰው Settings ከፍቶ Accessibility፣ ቀጥሎ Keyboard ውስጥ ይግባና Use the Print screen key to open screen capture የሚለውን ያጥፋው። እኔ ባጠፋው አልመክርም፤ ቢያንስ ቁልፉ መሥራቱን ያሳያል።

ዋንድራይቭና ድሮፕቦክስም ስክሪንሾትን በራሳቸው ፎልደር ፋይል አድርገው የሚያስቀምጡበት ምርጫ አላቸው። አንድ ቀን «ይቀመጥልህ?» ብለው ሲጠይቁ ሳያነቡ እሺ ያሉ ሰዎች ምስሎቻቸው ለወራት እዚያ ተከማችተው ያገኟቸዋል። የተቀረጸ ፊልም በሚያሳዩ አንዳንድ አገልግሎቶች ላይ ደግሞ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ያ የቅጂ መብት ጥበቃ እንጂ የቁልፍ ችግር አይደለም።

ኢንተርኔት ላይ ቁልፎችን የሚፈትሹ ገጾችን ለሚጠቀሙም አንድ ማስጠንቀቂያ። ዊንዶውስ PrtSc ሲጫን ለፕሮግራሞች መልእክት አይሰጥም፤ መልእክቱ የሚመጣው ጣት ሲነሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ሌሎቹን ቁልፎች ሲጫኑ ወዲያው የሚያበራ ገጽ ይህን ቁልፍ ይዘው ቢቆዩ ላያበራ ይችላል። ከዚህ ተነስቶ ቁልፉን ሞቷል ማለት ስሕተት ነው።

በእርግጥ የሞተ ቁልፍም አለ። ለማወቅ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንኛውንም የጠረጴዛ ኪቦርድ ይዋሱ፤ የላፕቶፑ Fn እና መቆለፊያው በእሱ ላይ ሥልጣን የላቸውም፤ PrtSc ራሱን ችሎ የተቀመጠበትን ይምረጡ። በእሱ ሲጫኑ ምስሉ ከመጣ ዊንዶውስ ደህና ነው። ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ተመልሰው ያው ቁልፍ ላይ የታተመውን ሌላውን ስም ይሞክሩ። PrtSc የተደረበው Insert ወይም End ላይ ከሆነና እነሱ የሚሠሩ ከሆነ ቁልፉ ከሥር ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የ Fn አያያዝ ነው። ሁለቱም ስሞች ካልሠሩና አካባቢው ያሉ ቁልፎችም ከተኙ ሻይ ወይም ቡና ፈሶበት እንደሆነ ያስታውሱ፤ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ አንድ ቁልፍ ብቻ ገድሎ አይቆምም። ብቻውን ከሞተ ከሥሩ ቆሻሻ ገብቶ ወይም ጎማው ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ያኔም ቢሆን ለዚህ አንድ ቁልፍ ሲሉ ሙሉ ኪቦርድ አያስቀይሩ። የዊንዶውስ ቁልፍን፣ Shift ን እና S ን አብረው ሲጫኑ ያው የመቁረጫ መሣሪያ ይከፈታል፤ Fn አይፈልግም፣ መቆለፊያ አያውቅም፣ ላፕቶፑ የማን ሥሪት እንደሆነ አይጠይቅም። ጥገና ቤት ሄደው «PrtSc አይሠራም» ካሉና ባለሙያው Fn ን ሳይነካ፣ ውጭ ኪቦርድ ሳይሰካ የኪቦርድ ዋጋ ከነገረዎት ላፕቶፕዎን ይዘው ይውጡ።